ከበጀት በላይ የወጣ 96 ሺህ ብር፦ ለሥራ አስኪያጄ የጻፍኩትን ማብራሪያ እንዴት ላስተካክለው?

የፔዳው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፕሮጀክት የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራችን ጣና ላይ በጀልባ እየዞሩ የውሃ ናሙና መቅዳት ነው። ናሙናው ከተማ ገብቶ ላብራቶሪ ይመረመራል። በሁለተኛው ሩብ ዓመት፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የጀልባ ነዳጅ ከበጀት በላይ ወጣብን። የተመደበው 190,000 ብር ነበር። የወጣው 286,000 ነው።

ሥራ አስኪያጃችን በጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቁኝ። ሁለት ቀን ለፍቼ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ትናንት መልሰው ላኩልኝ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ "ስንት? ለምን? ምን እናድርግ?" ብለው ጽፈውበታል። ሌላ ቃል የለም።

እኔ ሁሉንም የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳለ ልለጥፍላችሁ፦

> እንደሚታወቀው ፕሮጀክታችን በጣና ሐይቅ ዙሪያ የውሃ ጥራት ክትትል ሥራ በማከናወን ላይ ይገኛል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ሩብ ዓመት የታቀዱ ተግባራትን ከግብ ለማድረስ ሰፊ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየናረ በመጣው የነዳጅ ዋጋ፣ በሐይቁ ላይ በሚነሳው ማዕበል እና በሌሎች ተያያዥ ምክንያቶች የተነሳ ወጪው ከታቀደው ከፍ ሊል ችሏል።

በዚሁ ይቀጥላል። ቁጥሩ ሁለተኛው ገጽ ላይ በሠንጠረዥ አለ። መረጃው ይኼ ነው፦ ዕቅዳችን 40 ጉዞ ነበር፤ በአንድ ጉዞ 50 ሊትር፤ ሊትሩ በ95 ብር። የሆነው 52 ጉዞ ነው። በጉዞ ያው 50 ሊትር ነው። ዋጋው ግን በአማካይ 110 ብር ገባ።

ሰኞ ጠዋት ማስገባት አለብኝ። ምን ላድርግ?

---

ሽምብጥ ሰፈር

ወንድሜ፣ ቀላል ነው። የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን ከላይ አምጣው። ማንም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አይከራከሩህም። በሊትር 15 ብር ጨምሯል፤ በ2,000 ሊትር 30,000 ብር ነው። የቀረው ደግሞ 600 ሊትር ተጨማሪ ነው፤ በ95 ብር 57,000። አለቀ። ይኼን በሁለት መስመር ጻፍላቸው።

---

ዓባይ ማዶ

@ሽምብጥ ሰፈር 30 ሺህ እና 57 ሺህ ሲደመር 87 ሺህ ነው። እሱ ያለው 96 ሺህ ነው። 9 ሺህ ብር የት ገባ? እንዲህ ተጽፎ ቢገባ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚያዩት ያልገጠመውን ድምር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያምናል?

---

ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ ደብዳቤህን አነበብኩት። ለብዙ ዓመት እንዲህ ያሉ ማብራሪያዎችን ሳነብ ኖሬአለሁ፤ እና የምነግርህ ስለ አጻጻፍ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ጠፋው 9 ሺህ። ትርፍ የገዛችኋቸው 600 ሊትሮች እነሱም የተገዙት በ110 ብር ነው። በዕቅድ ዋጋና በእውነተኛው ዋጋ መካከል ያለው 15 ብር በ600 ሲባዛ 9,000 ይመጣል። ይህ ብር የዋጋም የመጠንም ልጅ ነው። ሂሳብ ቤት በልማድ ወደ ዋጋ ይደምሩታል፤ ያኔ ዋጋ 39,000፣ መጠን 57,000 ይሆናል። እኔ ግን ላንተ ደብዳቤ ወደ መጠን አድርገው እላለሁ። ምክንያቱም አለቃህ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ እነዚያ 12 ጉዞዎች ባይኖሩ ስንት ብር ይተርፍ ነበር? 12 ጉዞ፣ 50 ሊትር፣ 110 ብር፤ 66,000 ብር ነው። የቀረው 30,000 የታቀዱት 40 ጉዞዎች የዋጋ ጭማሪ ነው። ድምሩ 96,000 ይገጥማል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻሉ።

አሁን ወደ ዋናው። አንቀጽህ ውስጥ ሦስት ምክንያት ደርድረሃል፦ ዋጋ፣ ማዕበል፣ "ሌሎች ተያያዥ ምክንያቶች"። ዋጋን አስቀደምክ። በብር ስትመዝነው ግን ዋጋ ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ትልቁ 12ቱ ጉዞ ነው፤ እሱ በደብዳቤህ ውስጥ የለም። እንደኔ ግምት አለቃህ በቀይ የጻፉት ለዚህ ነው። ቁጥሩ ታች ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያነበቡት ምክንያት ታች ካለው ሠንጠረዥ ጋር አልገጥም ብሏቸው ነው።

እና ልጠይቅህ። 12ቱ ጉዞ ለምን መጣ?

---

ዘጌ ቡና

እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ ግዥ ላይ ነኝ፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር። በዐቢይ ጾም ጊዜ የዓሣ ወጪያችን ከበጀት በጣም አለፈና እንዳንተው ማብራሪያ ተጠየቅኩ። እኔም "ዓሣ ተወደደ" ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ስናየው በኪሎ የጨመረው ትንሽ ነው። ያደገው የእንግዳው ቁጥር ነው። ብዙ ዓሣ የገዛነው ብዙ ምግብ ስለሸጥን ነው። ገቢውም አብሮ አድጓል። በሰሃን ሲሰላ እንዲያውም ከዕቅድ ያነሰ ነበር።

ያኔ ምክንያቴን ቀድሜ በደንብ አይቼው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ራሱ ሌላ ይሆን ነበር። ያንተም እንደዚያ ከሆነ፣ ማለትም ብዙ ጉዞ ብዙ ናሙና ካስገኘ፣ እንደ ጥፋት አታቅርበው። በአንድ ናሙና ስንት ወጣ ብለህ አሳይ።

---

ጊዮርጊስ አደባባይ

ችግሩ በጀት ሲያዝ ነው። ሁልጊዜ 20 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። እኔ እንዲያ ነው የማደርገው፤ ማብራሪያ ተጠይቄ አላውቅም። ደግሞ ደረሰኝ ሰብስብ። የነዳጅ ኩፖኖቹን በሙሉ ፎቶ ኮፒ አድርገህ አያይዝ። ኦዲተር ሲመጣ የሚያድንህ እሱ ነው።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

@ጊዮርጊስ አደባባይ ወዳጄ፣ ልጁ የጠየቀው የወጣውን ገንዘብ እንዴት ያስረዳ ነው። ብሩ ወጥቷል። ለቀጣይ ዓመት በጀት ሲያዝ ስለ ግምት እንነጋገራለን፤ ሁሉን መስመር በ20 በመቶ ማሳበጥን ግን አልደግፍም። ኩፖኑን ማያያዙ ጥሩ ነው። ነገር ግን መቶ ቅጠል ኩፖን "ለምን?" ለሚለው መልስ አይሆንም።

@ዘጌ ቡና ትክክለኛውን ጥያቄ አንስተሻል። ለተጨማሪው ወጪ ተጨማሪ ሥራ ተገኘ ወይ? መልሱን ከልጁ እንስማ።

---

የፔዳው ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁኝን ዛሬ ከመስክ ልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ አጣራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤውን ስጽፍ ይኼን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ዋጋ መጨመሩን አውቃለሁ፤ ማዕበል እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚያው ጻፍኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ናሙና የሚቀዳው በሁለት ጀልባ ነው። ከቅጂ ቀኖቹ አንዱ አርብ ነው። ጀልባዎቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ራቅ ወዳሉት ነጥቦች ደርሰው ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፤ ጣናን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳር ሲደርሱ 9 ሰዓት ይሆናል። የበረዶ ሳጥኑ ተጭኖ ላብራቶሪ ሲደርስ 10 ሰዓት ከምናምን። ላብራቶሪው ደግሞ አርብ ከሰዓት የባክቴሪያ ናሙና አይቀበልም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ናሙናው ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ ውጤቱ የሚነበበው በማግስቱ ነው። ማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ የሚያነብ ሰው የለም። እስከ ሰኞ ይቆይ እንዳይባል ናሙናው ከተቀዳ 24 ሰዓት ካለፈው ውጤቱ አይታመንም፤ እነሱም አይወስዱትም።

ስለዚህ ተደፋ። ሰኞ እንደገና ወጥተው ቀዱ። ይኼ 6 አርብ ሆኗል። በሁለት ጀልባ 12 ጉዞ።

@ዘጌ ቡና እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ደስ ይላል፤ የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። 52 ጊዜ ወጥተን ያገኘነው የ40 ጉዞ ናሙና ነው።

---

ዓባይ ማዶ

ይቅርታ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንዴ ሲመለስ ይገባኛል። ሁለቴም ይሁን። ስድስት አርብ ሙሉ እንዴት ዝም ተባለ? ሥራ አስኪያጁ ይኼን ደብዳቤ እንዳነበቡ የሚጠይቁት ይኼንኑ ነው። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።

---

የፔዳው ልጅ

ልክ ነህ። ነዳጅ የሚሞላው በኩፖን ነው። ጀልባ ነጂው ኩፖን ይፈርማል፤ ማደያው በወር መጨረሻ አንድ ላይ ሂሳብ ይልካል። ኩፖኑ ላይ "ጉዞ" ይላል እንጂ የመጀመሪያ ይሁን የድጋሚ አይልም። የመስክ ልጆቹም ሥራቸው ናሙናውን ማድረስ ስለሆነ ሰኞ ወጥተው ይቀዳሉ፤ ለኔ የሚነግረኝ የለም። ሂሳቡ እኔ ጋ ሲደርስ ወሩ አልፏል። ከወሩ ሂሳብም ብልጫውን ሳየው ዋጋ መስሎኝ ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

አሁን ምክንያት አገኘህ። "አርብ ተቀድቶ ላብራቶሪ አልተቀበለም" አንዱ ነው። "ድጋሚ ጉዞ ሲደረግ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም" ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን አስወጣ። ሁለተኛው ሦስት ወር ሙሉ እንዳይታይ አደረገ። የማስተካከያ እርምጃህም ከሁለቱ መውጣት አለበት፤ አንዱን ብቻ ካስተካከልክ ነገ በሌላ መልክ ይመለሳል።

እርምጃን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። "ለወደፊቱ ጥንቃቄ ይደረጋል" ብለህ እንዳትጽፍ። ይኼ እርምጃ አይደለም። የተደረገውን፣ ያደረገውን ሰውና የተደረገበትን ቀን ጻፍ። ከተደረገ በኋላ የታየ ለውጥ ካለ ጨምር። ገና ያልተደረገውን እንደተደረገ አታድርገው፤ "በዚህ ቀን ይጀመራል" በል።

ማዕበሉን ከደብዳቤው አውጣው። ንፋሱ ሁልጊዜ ከሰዓት ይነሳል። ዕቅዱ ሲወጣም ይነሳ ነበር።

---

ቤዛዊት ሥር

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ፤ በጀትና ፋይናንስ። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መልክ አይመጣም። ነዳጅና ቅባት 6217 ላይ ቀሪ ከሌለ ክፍያው አያልፍም። አስቀድሞ ከሌላ የወጪ መደብ ዝውውር ተጠይቆ ሲፈቀድ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ እኛ የምንጽፈው ገና ሳይወጣ ነው። ለናንተ ግን ብሩ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ደብዳቤው ውስጥ ዝውውር ካስፈለገ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ያለዚያ ማብራሪያው ተነቦ ፋይል ይገባል፤ መስመሩ እንደጎደለ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ሁላችሁም ቁጥሩን አስቀድም ትሉታላችሁ። በእኛ አጻጻፍ ግን ገና ከመጀመሪያው "96 ሺህ ብር አለፈ" ማለት ትንሽ ደፈር ያለ ይመስላል። ለበላይ ሲጻፍ ሰው መንደርደሪያ ይጠብቃል። "ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው" ብሎ መጀመር ያለ ነው።

---

ዓባይ ማዶ

@ቤዛዊት ሥር መልሱን ራስህ አመጣኸው እኮ። "ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው" የምንለው ርዕስ ስላለ ነው። "ጉዳዩ፦" የሚለው መስመር ለዚህ አይደለም እንዴ? እኛ ግን እዚያ ላይ "ማብራሪያ ስለመስጠት" ብለን እናልፈዋለን። ምን ነገረ? ምንም። ቁጥሩ እዚያው ይግባ። ከዚያ ቀጥሎ አክብሮትህን ብትጨምር የሚከለክል የለም።

የኔ አለቃ ደብዳቤ የሚያነቡት ስልክ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ስልኩ ላይ የሚታየው ጉዳዩና አንድ ሁለት መስመር ነው።

---

ቤዛዊት ሥር

እሱስ እውነት ነው። ጉዳዩ ላይ ከገባ ደፋር አይመስልም። ይኼን እቀበላለሁ። ሙሉ ደብዳቤው ያለ መንደርደሪያ መሆኑን ግን አሁንም አልወደድኩትም።

---

የፔዳው ልጅ

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። አርብን የቅጂ ቀን ያደረጉት ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። መስከረም ላይ በስብሰባ ነው የተወሰነው። ናሙናውን ከሐይቁ ዳር ወደ ላብራቶሪ የሚያመላልሰው መኪና ከሰኞ እስከ ሐሙስ በብዛት ለሌላ ሥራ ስለሚፈለግ፣ አርብ ነፃ ይሆናል ተብሎ። ቃለ ጉባኤው አለ።

ታዲያ ምክንያቱን ከላይ ካስቀደምኩ የመጀመሪያው መስመር ላይ እሳቸውን ተጠያቂ ማድረግ አይሆንብኝም?

---

ሽምብጥ ሰፈር

ኧረ ተው! ለዚህ ነው ዋጋውን አስቀድም ያልኩህ። ዋጋ ማንንም አይነካም። ለምን ራስህን ታስገባለህ?

---

ዘጌ ቡና

@ሽምብጥ ሰፈር ዋጋ ብሎ ከጻፈ መፍትሔውም ዋጋ ላይ ይሆናል። "በጀት ይጨመርልን" ይባላል፤ ይጨመራል። ከዚያ ጥር ላይም አርብ ይወጣሉ፤ አርብ ይደፋል። 66 ሺህ ብር እንደገና በየሩብ ዓመቱ። እኔ የዓሣውን ጊዜ ያየሁት ይኼንን ነው። "ተወደደ" ስላልኩ ሌላ አቅራቢ ፈልጊ ተባልኩ፤ ሁለት ሳምንት ደከምኩ፤ ችግሩ እዚያ አልነበረም።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ ከባዱ ቦታ እዚህ ነው። እንዲህ አድርግ። የሆነውን ነገር ጻፍ፤ የወሰነውን ሰው አትጻፍ። "አርብ የተቀዳው ናሙና ከሰዓት በኋላ ስለደረሰ ላብራቶሪው አልተቀበለም" በል። ይኼ ሙሉ እውነት ነው። አርብን ማን መረጠው የሚለው ገንዘቡ ለምን እንደወጣ ለማወቅ አይጨምርም። አርብ ሲወሰን የላብራቶሪው ደንብ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ነበር?

---

የፔዳው ልጅ

አልተነሣም። ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ስለ መኪና ብቻ ነው የተወራው። የላብራቶሪ ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

እንግዲያው እሱን ጻፍ፦ የቅጂ ቀኖች ሲወሰኑ የላብራቶሪው የመቀበያ ሰዓት አልታየም። ይህ ለሁላችሁም ልክ ነው፤ ለእሳቸውም ላንተም። ደብዳቤውን ከማስገባትህ በፊት ግን በቃል ንገራቸው። ቢሯቸው ገብተህ "አርብ ላይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ በጽሑፉም አስገብቼዋለሁ" በላቸው። አለቃ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ከወረቀት ማንበብ የለበትም።

---

ዓባይ ማዶ

እኔ በዚህ አልስማማም። ቃለ ጉባኤው አለ። ነገ ለጋሽ ኦዲት ሲያደርግ "ማን ወሰነ?" ይላል። ልጁ ውሳኔውን በደብዳቤው ካልጠቀሰ የደበቀ ይመስላል። ቢያንስ "በመስከረሙ ስብሰባ በተወሰነው መሠረት" የሚል ሐረግ ይግባ።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

ያልከው ሐረግ ክፋት የለውም። እኔ ብሆን አላስገባውም፤ አንተ ብትሆን ታስገባለህ። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ የሚደበቅ ነገር የለም። ልጁ አለቃውን ያውቃል፤ እሱ ይወስን።

---

ቤዛዊት ሥር

የዓመቱን መጨረሻም አስብ። እስካሁን የተነጋገርነው ስላለፈው ነው። ሥራ አስኪያጅ "ምን እናድርግ?" ሲል ሰኔ ላይ የት እንደምንደርስ ማወቅ ይፈልጋል። አርብን ብታስተካክልም ዋጋው አይመለስም። 40 ጉዞ በ50 ሊትር በ15 ብር፣ በየሩብ ዓመቱ 30 ሺህ ያልፋል። ሁለት ሩብ ዓመት ቀርቷል፤ 60 ሺህ። ካለፈው 96 ሺህ ጋር 156 ሺህ ይሆናል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በዕቅዱ ከሄደ ማለቴ ነው።

እና ከለጋሹ ጋር ያላችሁን ውል አንብብ። ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ማዛወር እስከ ስንት በራሳችሁ ይፈቀዳል? እኔ ባየሁት አንድ ውል ከመስመሩ 10 በመቶ ካለፈ የለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ያንተ የዓመት መስመር 760 ሺህ ከሆነ 156 ሺህ ከ20 በመቶ ያልፋል።

---

የፔዳው ልጅ

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በዕቅዱ ነው የሄደው፤ ያኔ ዋጋው አልጨመረም፤ አርብም አልተጀመረም ነበር። ውሉን አየሁት። የኛም 10 በመቶ ነው። ይኼን ባታነሣልኝ ሥራ አስኪያጁ እንዲፈርሙ ጠይቄ እጨርስ ነበር።

እንግዲህ አዲሱ ይኼውላችሁ። ግማሽ ገጽ ነው።

> ጉዳዩ፦ በ2ኛው ሩብ ዓመት የጀልባ ነዳጅ 96,000 ብር ከበጀት በላይ መውጣቱንና የ156,000 ብር የበጀት ዝውውር ጥያቄን ይመለከታል
>
> ለጀልባ ነዳጅ 190,000 ብር ተመድቦ 286,000 ብር ወጥቷል። ብልጫው 96,000 ብር ነው።
>
> ከዚህ ውስጥ 66,000 ብሩ የ12 ድጋሚ ጉዞዎች ነዳጅ ነው። በ6 አርቦች በሁለት ጀልባ የተቀዳው ናሙና ላብራቶሪ የደረሰው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም፤ ሰኞ እንደገና ተቀድቷል። የቅጂ ቀኖች ሲወሰኑ የላብራቶሪው የመቀበያ ሰዓት አልታየም። የነዳጅ ኩፖኑ ድጋሚ ጉዞን ለይቶ ስለማያሳይ ሂሳብ ክፍል በወቅቱ አላወቀም። ቀሪው 30,000 ብር የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ሊትሩ በ95 ብር ታቅዶ በአማካይ በ110 ብር ተገዝቷል።
>
> የመስክ አስተባባሪው ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ የአርቡን ቅጂ ወደ ማክሰኞ አዛውረዋል። ከዚያ ወዲህ ድጋሚ ጉዞ አልተደረገም። ከየካቲት 1 ጀምሮ ለድጋሚ ጉዞ የሚሰጥ ኩፖን "ድጋሚ" የሚል ምልክት ተደርጎበትና ምክንያቱ ተጽፎ በአስተባባሪው ይፈረማል፤ በዚያው ሳምንት ለሂሳብ ክፍል ይደርሳል።
>
> ድጋሚ ጉዞ ባይኖርም ዋጋው በዚሁ ከቀጠለ እስከ ሰኔ ተጨማሪ 60,000 ብር ያልፋል። በጠቅላላው 156,000 ብር ከሥልጠና መስመር እንዲዛወር እጠይቃለሁ። መጠኑ ከመስመሩ 10 በመቶ ስለሚበልጥ የለጋሹ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጥያቄ ደብዳቤው ረቂቅ ተያይዟል።

የማክሰኞውን መኪና ነገር አስተባባሪው ከሌላኛው ክፍል ጋር ተነጋግሮ ነው የጨረሰው። ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ሙሉ ቀን አይደለም። ይኼን ቀድመን ብንጠይቅ አርብ የሚባል ነገር አይመጣም ነበር።

---

ዘጌ ቡና

አሁን ገባኝ። ጀልባችሁን አላየሁም፤ ሐይቁ ላይ ምን እንደምትሠሩ እንኳ አላውቅም ነበር። ግን ሦስት መስመር አንብቤ ብሩ የት እንደሄደ አወቅኩ።

---

ሽምብጥ ሰፈር

እሺ ጥሩ ነው። ግን የኩፖኑን ነገር "ሂሳብ ክፍል በወቅቱ አላወቀም" ብለህ መጻፍህ በራስህ ላይ መመስከር ነው። ማንም አልጠየቀህም።

---

ዓባይ ማዶ

@ሽምብጥ ሰፈር ስድስት አርብ እንዴት ዝም ተባለ የሚለውን የሚመልሰው ያ መስመር ብቻ ነው። እሱ ከወጣ አዲሱ ኩፖን ለምን እንዳስፈለገ አይገባም።

አንድ ማስተካከያ ግን አለኝ። "ዋጋው በዚሁ ከቀጠለ" ያልከው ትልቅ ነገር ነው። ከጨመረስ? በሊትር 10 ብር ቢጨምር በሁለት ሩብ ዓመት 40 ሺህ ብር ነው። አንድ መስመር ጨምርበት። ያለዚያ ሚያዝያ ላይ ሌላ ማብራሪያ ልትጽፍ ነው፤ ለጋሹንም ሁለት ጊዜ ልትጠይቅ ነው።

---

የፔዳው ልጅ

እውነትህን ነው። "በሊትር ለሚጨምር ለእያንዳንዱ 10 ብር 40,000 ብር ይጨምራል" የሚለውን አስገባሁ።

---

የፔዳው ልጅ (ከአራት ቀን በኋላ)

ጋሼ እንዳሉት ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገብቼ መጀመሪያ በቃል ነገርኳቸው። የመስከረሙን ስብሰባ እኔ ሳላነሣው ራሳቸው አነሡት። "ላብራቶሪውን ማን ጠየቀ?" አሉ። ማንም አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን አነበቡት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "ከሥልጠና ስታዛውር የትኛው ሥልጠና ይቀራል?" አልመለስኩም። አላሰብኩትምና። እስከ ዓርብ አጣርቼ እንድነግራቸው ብለው ለጋሹ ጋር የሚሄደውን ረቂቅ ያዙት።

የሥልጠና ክፍሉን ሳናግር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። መጋቢት ላይ ለዓሣ አጥማጆች የታቀደው ሥልጠና ተሳታፊዎቹ ተጠርተዋል። ያልተጠራው የግንቦቱ ነው፤ የግንቦቱ በጀት ግን 120 ሺህ ብቻ ነው። 36 ሺህ ይጎድለኛል። ራቅ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በአንድ ጉዞ ማጣመር ይቻል እንደሆነ የመስክ ልጆቹን ጠይቄያለሁ። ንፋሱ ሳይነሳ መመለስ የሚቻል አይመስለንም ብለዋል፤ ቢሆንም ማክሰኞ በአንዱ ጀልባ ሊሞክሩት ነው።

---

ጡረተኛው ኦዲተር

ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ መነሻውንም መድረሻውንም። ሊትሩንም።